ከሦስት የመጨረሻ ፖስተሮች አንዱን ከንጋት በፊት መምረጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

ሦስት ፖስተር አጠናቅቆ ሌሊቱን ሙሉ እነሱኑ ሲያገላብጥ የሚያድር ዲዛይነር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ችሎታ አንሶት አይደለም። ሦስቱን የሚያነጻጽርበት መለኪያ ሳይዝ ስለሚያያቸው ዓይኑ ይደክማል፣ አንዱ ከሌላው የማይለይበት ሰዓት ይደርሳል፤ በመጨረሻም መጨረሻ ላይ የሠራውን ወይም ብዙ የለፋበትን አንሥቶ፣ በላዩ ያለውን የቀን ስህተት እንኳ ሳያርም ይልካል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ሌሊት በቅደም ተከተል ለመምራት ነው። ሰዓቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

እንደ ምሳሌ የምከተለው የአንዲት ወጣት ዲዛይነርን አንድ ሌሊት ነው። የእናትና የልጅን ጠብ ለሚተርክ አዲስ ትያትር የኤ2 ፖስተር ታዘዘች፤ ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን የሚቀበለው እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ማሽኑ ለሌላ ሥራ ይሰጣል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት። ሦስቱም አልቀዋል፤ አንዱንም ግን መላክ አልቻልኩም» አለችኝ።

ፖስተሮቿ እነዚህ ነበሩ። አንደኛው የሁለቱ ተዋናዮች ፊት በጨለማ ውስጥ ተፋጥጦ የሚታይበት ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው ርዕሱን በእጅ በተሳሉ ፊደላት የያዘ፣ ዙሪያውን በወርቃማ የጥበብ ጥለት የታጠረ ነው። ሦስተኛው በደማቅ ቢጫ ላይ ሁለት የቡና ስኒዎች ብቻ አሉት፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሌላው ተደፍቷል። ልቧ ያለው ሁለተኛው ላይ ነበር፤ ፊደላቱን ለመሳል አራት ቀን ፈጅቶባታል።

## ዝግጅት፦ ከ7፡00 እስከ 7፡30

ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ይከፋፍሉ። መነሻው ማስረከቢያው ነው። እሷ አምስት ሰዓት ነበራት፤ እንዲህ ከፋፈልነው፦ ምርጫው በ9፡00 ያበቃል፣ እርማቱ በ10፡30 ያበቃል፣ ፋይሉ ተዘጋጅቶ እስከ 11፡30 ይላካል፣ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለኢንተርኔትና ለመብራት ይተዋል። ይህንን በወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያስቀምጡት። ለምርጫው ከሁለት ሰዓት በላይ አይስጡ፤ ምርጫው ሲራዘም የሚቀነሰው የእርማቱ ጊዜ ነውና።

ሦስቱን ያቁሙ። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ምርጫው እስኪያልቅ ድረስ በአንዳቸውም ላይ ምንም አይቀይሩ። የሦስቱንም ፋይሎች ቅጂ በሌላ አቃፊና በፍላሽ ያስቀምጡ። እያነጻጸሩ አንዱን መነካካት የተለመደ ስህተት ነው፤ የተነካካው ሁልጊዜ አዲስ ስለሚመስል ዓይን ወደ እሱ ያደላል።

ስማቸውን ይለውጡ። «የመጨረሻ»፣ «ምርጡ»፣ «አዲሱ» የሚሉ የፋይል ስሞች አስቀድመው ይፈርዳሉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይሰይሟቸው፤ ከዚህ በኋላ እኔም የምጠራቸው እንዲሁ ነው፤ ፎቶው ሀ፣ በእጅ የተሳለው ለ፣ ስኒዎቹ ሐ።

የፖስተሩን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ማን፣ የት ሆኖ፣ ምን እንዲረዳ እንደሚፈለግ መናገር አለበት። «ስሜት የሚነካ ይሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር አይሠራም፤ አልፎ አልሆነም ብሎ መለካት አይቻልምና። እሷ የጻፈችው ይህን ነው፦ «በታክሲ መጠበቂያ ላይ የቆመ ሰው ከአምስት ሜትር ርቀት ትያትር መሆኑን፣ ርዕሱንና ቀኑን ያነባል።» ቀጥለው የሚመጡት ፈተናዎች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ነው።

## ደረጃ 1፦ ጽሑፉን ከምስሉ ለይተው ይመርምሩ

ከሁሉ አስቀድመው የሦስቱንም ጽሑፍ ወደ አንድ ባዶ ገጽ ገልብጠው ጎን ለጎን ያንብቡ። ሦስት ፖስተር በተለያየ ቀን ሲሠራ ጽሑፉም በየጊዜው ስለሚተየብ ልዩነት መፈጠሩ አይቀርም።

የእሷ ጽሑፎች ሲነጻጸሩ ሀ እና ለ «ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.» ይላሉ፤ ሐ ግን «ቅዳሜ ጥር 18» ይላል። የቱ ትክክል እንደሆነ ለማወቅ የምትጠይቀው ሰው በዚያ ሰዓት አልነበረም። እንዲህ ያለ ጊዜ ቀኑ ከሚታወቅ በዓል ተነሥተው ይቁጠሩ። በዚያ ዓመት ጥምቀት፣ ማለትም ጥር 11፣ የዋለው እሑድ ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጥር 17 ነው፣ 18 እሑድ ነው። ከዚያም ትእዛዙ የተላከበትን መልእክት ከፍታ «ቅዳሜ» የሚለውን አረጋገጠች። የዕለቱ ስምና ቁጥሩ ካልተስማሙ በግምት አይምረጡ፤ የደንበኛውን የጽሑፍ መልእክት እስኪያገኙ ድረስ ይፈልጉ።

ሰዓቱንም እንዲሁ ይመርምሩ። «11፡00» ብቻ ብሎ መተው ሰውን ያሳስታል፤ የውጭ አቆጣጠር የለመደ አንባቢ ጠዋት ሊመስለው ይችላል። «ከቀኑ 11፡00 ሰዓት» ብለው ይጻፉ። በፖስተሩ ላይ የእንግሊዝኛ መስመር ካለ 5፡00 ከሰዓት በኋላ መሆኑን፣ ቀኑም ጃንዋሪ 25 ቀን 2025 መሆኑን ያመሳክሩ።

የተገኘውን ስህተት አሁን አያርሙ፤ ይመዝግቡት ብቻ። የቀን ስህተት ፖስተርን ከውድድር አያስወጣም፤ በአንድ ደቂቃ የሚታረም ነውና።

## ደረጃ 2፦ የርቀት ፈተና

ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ፖስተር የሚመርጥ ሰው ከ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው የሚያየው፤ መንገደኛው ግን ከአምስት ሜትር ነው። ይህን ልዩነት ቤት ውስጥ ሆኖ በትክክል መሥራት ይቻላል። ፖስተሩን በስንት እጥፍ ካሳነሱት ርቀቱንም በዚያው እጥፍ ያሳንሱ።

1. ኤ2 ቁመቱ 59.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ኤ4 ደግሞ 29.7፣ ልክ ግማሹ ነው። ፕሪንተር ካለዎት በኤ4 አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ከ2.5 ሜትር ይመልከቱ፤ ኤ2ን ከ5 ሜትር እንዳዩት ነው።
2. ፕሪንተር ከሌለዎት ፖስተሩ በስክሪኑ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት እስኪኖረው ድረስ አሳንሱት፤ በማስመሪያ ይለኩ። ይህ ሩቡ ስለሆነ 1.25 ሜትር ርቀው ይቁሙ።
3. የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። ሌሊት ላይ ሙሉ ብርሃን ያለው ስክሪን ደካማውን ቀለም ሁሉ ደማቅ ያስመስለዋል፤ በወረቀት ላይ ግን ብርሃኑ አይኖርም።
4. ርዕሱን፣ የሥራውን ዓይነትና ቀኑን ጮክ ብለው ያንብቡ። እርስዎ ጽሑፉን በቃልዎ ስለሚያውቁት ዓይንዎ ሊያታልልዎ ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ብቻውን ይመልከቱ።

በአማርኛ ፊደል ላይ ይህ ፈተና ከላቲኑ ይልቅ ይከብዳል። አናባቢው የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ «ቡ» መሐል ላይ በወጣች ሰረዝ፣ «ቢ» እግር ላይ ባለች ሰረዝ፣ «ቤ» እግር ላይ ባለች ቀለበት ይታወቃሉ። ፊደሉ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈናለች። በተለይ እውነተኛ ወፍራም ዝርያ የሌለውን ፎንት ፕሮግራሙ በራሱ እንዲያወፍረው ሲደረግ እንደ «ጨ»፣ «ጠ»፣ «ሐ» ያሉት ክፍተታቸው ይጠባል። ወፍራም የሚፈልጉ ከሆነ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የራሱ ወፍራም ዝርያ ያለው ፎንት ይጠቀሙ።

ዲዛይነሯ ከ1.25 ሜትር ቆማ ለ-ን ስታነብ፣ በርዕሱ ውስጥ ያለው «ቤት» የሚለው ቃል «ቢት» ሆኖ ታየ። በእጅ የተሳለችው ቀለበት ውብ ነበረች፤ ግን ውስጧ ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጥ ነበርና ከሩቅ ጠፋች። ሀ-ም ሐ-ም ርዕሳቸው ተነበበ። ሐ ላይ ግን «ትያትር» የሚለው ቃል በታችኛው ጥግ በቀጭን ፊደል ተጽፎ ስለነበር አልታየም።

ከተሳሳተ፦ ሦስቱም ካልተነበቡ፣ ከመረጡ በኋላ የሚያሳድጉት ርዕሱን እንደሚሆን አሁን ይመዝግቡና ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ሦስቱም በቀላሉ ከተነበቡ ርቀቱን በእጥፍ አድርገው ይድገሙ።

## ደረጃ 3፦ የሦስት ሰከንድ ፈተና በሌላ ሰው ዓይን

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ «በዚህ ሰዓት ማንን ልቀስቅስ?» ይባላልና። አንድ ሰው ይበቃል፤ ከሥራው ጋር ምንም የማይገናኝ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ለዲዛይነር ጓደኛ በቴሌግራም ልኮ አስተያየት መጠየቅ ግን ለዚህ ፈተና አይሆንም፤ ዲዛይነር ስለ ፎንቱና ስለ ቀለሙ ያወራል፣ መንገደኛው ምን እንደሚረዳ አይነግርዎትም።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. አንዱን ፖስተር ብቻ ለሦስት ሰከንድ ያሳዩና ይሸፍኑት። በልብዎ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብለው ይቁጠሩ።
2. «የትኛውን ወደድከው?» ብለው ፈጽሞ አይጠይቁ። ሰው ሁሉ ላለማስቀየም አንዱን ይመርጣል።
3. «ምንድን ነው ያየኸው? የምን ማስታወቂያ ነው? መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ።
4. መልሱን እንደ ተነገረ፣ ቃል በቃል ይጻፉ። አያስረዱ፣ አያርሙ፣ ፊትዎንም አይለውጡ።
5. ከዚያ ቀጣዩን ያሳዩ። መጀመሪያ የታየው ለቀጣዩ ፍንጭ ስለሚሰጥ፣ ሁለተኛ ሰው ካገኙ ቅደም ተከተሉን ይለውጡ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በግቢው ነቅተው ያሉት ዘበኛው ብቻ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ላፕቶፑን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ለ-ን አሳየቻቸው። «የሠርግ ጥሪ ነው እንዴ ልጄ? ማን ሊያገባ ነው?» አሉ። ወርቃማው ጥለት ከርዕሱ ቀድሞ ተናግሯል። ሐ-ን ሲያዩ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ቡና ቤት ተከፈተ? አንዱ ስኒ ግን ለምን ተደፋ?» አሉ። ሀ-ን ሲያዩ ደግሞ ወዲያው፣ «እነዚህ ተጣልተዋል። ፊልም ነው» ብለው መለሱ።

በዚህ ላይ ደወለችልኝና «ሐ-ም ወደቀ» አለችኝ። መልሶቹን እንደገና እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ለ-ን ያዩት ሰው የተሳሳተ መልስ ይዘው ጥያቄያቸውን ጨርሰዋል፤ የሠርግ ጥሪ የመሰለውን ሰው የሚያቆመው ነገር የለም። ሐ-ን ያዩት ግን የሥራውን ዓይነት ቢስቱም፣ ስኒው ለምን እንደተደፋ ማወቅ ፈልገዋል፤ የጎደላቸው «ትያትር» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ይያዙት፤ ምስሉ ራሱ የሌላ ነገር ምልክት ሲሆንና ቃል ብቻ ሲጎድል ውጤቱ በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ይመስላል፣ ጥገናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ከተሳሳተ፦ ማንም ካላገኙ 20 ደቂቃ ከስክሪኑ ይራቁ፣ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ከዚያ ፖስተሩን ገልብጠው ላይኛውን ወደ ታች አድርገው ይመልከቱት። ጽሑፉ ስለማይነበብ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ የት እንደሆነ ይታያል። ይህ የሰውን ያህል አይሆንም፤ ትርጉሙን አይነግርም፤ የሚያሳየው የትኩረቱን ቦታ ብቻ ነው።

## ደረጃ 4፦ የግድግዳ ፈተና

ፖስተር ብቻውን አይሰቀልም። በስልክዎ ካሉት ፎቶዎች ማስታወቂያ የተለጣጠፈበት ግድግዳ ወይም አጥር ይፈልጉ፤ ሦስቱንም በተራ በሌሎቹ መካከል ያስገቧቸው። ከዚያም ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡ። ቀለሙ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ከጠፋ፣ ልዩነቱ የቆመው በቀለም ዓይነት ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ቀይ በአረንጓዴ ላይ ሲጻፍ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

የእሷ ሀ በግድግዳው ላይ ከነበሩት የፊልምና የኮንሰርት ፊቶች ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ሐ ባዶ ቢጫ ስለሆነ ከሩቅ ተለየ። ለዚህ ደረጃ ከ15 ደቂቃ በላይ አይስጡ።

## ደረጃ 5፦ ስህተቱን ከቀረው ሰዓት ጋር ማመዛዘን

እስካሁን የተመዘገቡትን ስህተቶች አውጥተው በእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ለማረም ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና እርማቱ በእርስዎ እጅ መሆን አለመሆኑን። ምርጫውን የሚወስነው ይህ ዝርዝር ነው። በንጋት የሚታተመው አሁን የሚያዩት ፖስተር ሳይሆን ታርሞ የሚወጣው ስለሆነ፣ የሚነጻጸሩት ሦስቱ ታርመው የሚደርሱበት ቦታ ነው።

ሀ። ዲዛይነሯ የፎቶውን ጥራት እንድታይ ነገርኳት። በኢለስትሬተር ውስጥ ፎቶውን መርጠው በ`Links` ሰሌዳ ላይ `PPI` የሚለውን ቁጥር ያንብቡ። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ስለተላከላት ተጨምቆ ወርዱ 1200 ፒክስል ብቻ ነበር። ይህ በኤ2 ወርድ፣ በ42 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 73 ፒክስል ያህል ይሆናል። ለኦፍሴት ኅትመት የሚጠየቀው 300 ነው፤ ከርቀት ለሚታይ ፖስተር 150 ሊያስኬድ ይችላል፤ በ73 ግን ፊቱ ላይ የተሰባበሩ ነጥቦች ይታያሉ። ቁጥሩን በፕሮግራም ማሳደግ የጠፋውን ዝርዝር አይመልስም። ዋናው ፎቶ ያለው ፎቶግራፍ አንሺው ጋ ነው፤ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አላነሣም። እርማቱ በእጇ የለም።

ለ። «ቤ»ን እንደገና መሳል፣ ከእሷም ጋር እንዲስማሙ ሌሎቹን ፊደላት መንካት፣ ጥለቱን አውጥቶ አጠቃላይ አሰላለፉን መለወጥ ያስፈልጋል። በእጇ ነው፤ ግን ቢያንስ አራት ሰዓት ይፈጃል። ያላት ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ሐ። «ትያትር» የሚለውን ቃል ከርዕሱ በላይ አውጥቶ ማሳደግ፣ 18ን 17 ማድረግ፣ የቡድኑን ስም ከታች ማስተካከል። በእጇ ነው፤ 40 ደቂቃ ይበቃዋል።

በቅድሚያ በሌላ ሰው እጅ ያለውን ያውጡ፤ ቀጥሎ ሰዓቱ የማይበቃውን ያውጡ። ከዚህ በኋላ ሁለት ከቀሩ በዝግጅቱ ጊዜ ወደ ጻፉት ዓረፍተ ነገር ይመለሱና ከታረመ በኋላ የትኛው በይበልጥ እንደሚፈጽመው ይጠይቁ። ሁለቱም እኩል የሚፈጽሙት ከሆነ ትንሽ እርማት የሚጠይቀውን ይውሰዱ።

የወሰኑበትን ምክንያት በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ነገ ደንበኛው «ለምን ይህ ሆነ?» ሲል መልስዎ እሱ ነው። እሷ የጻፈችው፦ «ሐ፤ ከሩቅ ይነበባል፣ በግድግዳ ላይ ይለያል፣ ጉድለቱ የአንድ ቃል ነው።»

ይህን ጽፋ እንኳ ዝም አለች። «ጋሼ፣ አራት ቀን የሳልኩት እኮ ነው» አለችኝ። ይህ ስሜት በሁሉም ላይ ይመጣልና መንገድ ሊበጅለት ይገባል። የተሳሉት ፊደላት ውድቅ የሆኑት ለአምስት ሜትር ነው እንጂ ለ40 ሳንቲ ሜትር አይደለም፤ ቡድኑ በበር ላይ የሚያድለው የትያትሩ መግለጫ መጽሔት በእጅ ተይዞ የሚነበብ ስለሆነ «ቤ» በዚያ ላይ በደንብ ይነበባል። ፋይሉን «ለመጽሔት ሽፋን» ብላ ሰይማ አስቀመጠችው። ከዚያ ለ-ንና ሀ-ን ዝጉ፤ እስኪነጋ ድረስ አይክፈቷቸው። ሰዓቱ 8፡50 ነበር።

## ደረጃ 6፦ እርማት

ማረም የሚፈቀደው በዝርዝሩ ላይ ያለው ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት የሚመጣ አዲስ ሐሳብ አልተፈተነም፤ ለመፈተንም ጊዜ የለም። ከያንዳንዱ እርማት በኋላ ፋይሉን በአዲስ ቁጥር ያስቀምጡ፦ `poster_C_01.ai`፣ `poster_C_02.ai`። እርማቱ ሲያልቅ የርቀት ፈተናውን አንድ ጊዜ ይድገሙ። እሷ «ትያትር» የሚለውን ወደ ላይ ካወጣችው በኋላ የተደፋው ስኒ ከቃሉ ጋር መጋጨቱን አየች፤ ስኒዎቹን አንድ ላይ መርጣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች አወረደቻቸው። ላፕቶፑን ይዛ እንደገና ወደ በሩ ወጣች። ዘበኛው አይተው፣ «ትያትር ነው ለካ። የሁለት ሰው ጠብ ይመስላል» አሉ።

## ደረጃ 7፦ ፋይሉን ማዘጋጀትና መላክ

1. የመቁረጫ ትርፍ ይጨምሩ። ጀርባው ቀለም ከሆነ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ከመቁረጫው መስመር ማለፍ አለበት። ኤ2 ከነትርፉ 426 በ600 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጽሑፍ ደግሞ ከመቁረጫው ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ።
2. ቀለሙ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የኅትመት ቀለሞች ይሁን። ትንንሽ ጽሑፎች ከአራቱ ቀለሞች ሳይሆን ከጥቁር ብቻ፣ መቶ በመቶ ይሁኑ። አራት ቀለም በትክክል ሳይደራረብ ሲቀር ትንሽ ፊደል ጥላ ያወጣል።
3. ፊደላቱን ወደ ቅርጽ ይለውጡ። መጀመሪያ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሁሉንም መርጠው `Type > Create Outlines` ይበሉ። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር የእርስዎን ፎንት ላይይዝ ይችላል፤ በተለይ ዩኒኮድ ባልሆኑ በአሮጌ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ ሲጠፋ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ይሆናል።
4. `View > Overprint Preview` ይክፈቱ። ይህን አይዝለሉ። ዲዛይነሯ ከፈተችውና የትያትር ቡድኑ ስም ከታች ካለው ቡናማ መስመር ላይ ጠፋ። መጀመሪያ ጽሑፉ ጥቁር ሆኖ በሌላው ቀለም ላይ እንዲታተም ታዝዞ ነበር፤ በኋላ ወደ ነጭ ስትለውጠው ትእዛዙ አብሮት ቀረ። ነጭ ማለት የወረቀቱ ባዶ ቦታ ስለሆነ በሌላ ቀለም ላይ እንዲታተም ሲታዘዝ ምንም አይታተምም። ተራው እይታ ይህን አያሳይም። ጽሑፉን መርጣ በ`Window > Attributes` ውስጥ `Overprint Fill` የሚለውን ስታነሣ ስሙ ተመለሰ።
5. ፒዲኤፉን በሌላ መሣሪያ ከፍተው ያንብቡ። በስልክ ይክፈቱና ከታች ወደ ላይ፣ ቃል በቃል ያንብቡት፤ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ዓይን በለመደው ላይ ይንሸራተታል።
6. እንደ ፋይል ይላኩ። በቴሌግራም ከሆነ በፎቶ መንገድ ሳይሆን በ`File` በኩል ይላኩት፤ በኢሜይልም ይድገሙት። የፋይሉን መጠን በሜጋ ባይት ይጻፉ፤ ተቀባዩ ያነሰ ቁጥር ካየ ተቋርጦ እንደደረሰ ያውቃል።
7. ይደውሉ። «ደረሰ?» ብቻ አይበሉ፤ የገጹን ልክና በፖስተሩ ላይ ያለውን ቀን እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። እሷ በ11፡20 ላከች፤ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ 12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩን አንሥቶ፣ «426 በ600፣ ቅዳሜ ጥር 17» ብሎ አነበበላት።

## ሌሊት ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች

መብራት ከጠፋ። የላፕቶፑን ስክሪን ያደብዝዙ፣ ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ይዝጉ፣ ስልክዎን ከላፕቶፑ አይሙሉ። ባትሪው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ እርማቱን እዚያው ያቁሙና ያለውን ወደ ፒዲኤፍ አውጥተው በስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ መላክ የሚቻለው ከስልክ ነው።

ደንበኛው በ10 ሰዓት ለውጥ ከጠየቀ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ ወይም የሰው ስም ከሆነ ይቀበሉ። ቀለም ወይም ምስል ከሆነ፣ «ይህን ከነካሁ የ12 ሰዓቱ ማስረከቢያ ያልፋል፤ ይለፍ ወይስ ይቆይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ከላኩ በኋላ ስህተት ካዩ። ወዲያው ይደውሉና ፕሌቱ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚዘጋጀው የማተሚያ ሰሌዳ፣ ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልወጣ አዲሱን ፋይል በሌላ ስም ይላኩ፣ አሮጌውንም ከቴሌግራሙ ይሰርዙ፤ ሁለት ፋይል አንድ ስም ይዞ መድረስ የለበትም። ፕሌቱ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ ያለበት ጽሑፍ ከጥቁር ብቻ የተሠራ መሆኑን ይመልከቱ። እንደ ሐ ቀኑ በጥቁር ብቻ ተጽፎ በቢጫው ላይ እንዲታተም የታዘዘ ከሆነ፣ በቢጫው ፕሌት ላይ የፊደሉ ቅርጽ ተቆርጦ አልወጣም፤ ስለዚህ እንደገና የሚወጣው የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ነው፣ የሚከፈለውም የአንድ ፕሌት ዋጋ ነው። ቀኑ በነጭ ወይም በድብልቅ ቀለም ከተጻፈ ግን የነካቸው ፕሌቶች ሁሉ ይለወጣሉ።